ለለጋሾቻችን፦ የትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ይህ ማስታወሻ ከደብረ ብርሃን ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኘው ትምህርት ቤታችን የቤተ መጻሕፍቱ ሥራ ሲካሄድ በየደረጃው የተያዘ ነው። በአዲስ አበባና በውጭ አገር ሆናችሁ ገንዘብና መጽሐፍ ለላካችሁ የቀድሞ ተማሪዎች፣ በጉልበታችሁና በድንጋያችሁ ለረዳችሁን ወላጆች፣ ወንበሮቹን ላዋሰን የአካባቢው እድር የምናቀርበው ምስጋና የሰጣችሁት ሁሉ ምን ላይ እንደዋለና ምን እንዳስገኘ ለይቶ ከመናገር ይጀምራል። ስለዚህ የተሳካውንም ያልተሳካውንም በተሠራበት ቅደም ተከተል አስፍረነዋል። በገንዘብ የተሰበሰበው 420,000 ብር ሲሆን፣ በዓይነት የመጣው መጽሐፍ 2,140 ቅጂ ነው።

ጥቅምት 2017፦ ክፍሉ

ትምህርት ቤቱ የሰጠን የተሰባበሩ ዴስኮች ይከማቹበት የነበረ፣ 6 ሜትር በ8 ሜትር የሆነ የብሎኬት ክፍል ነው። ክረምቱ ገና እንደወጣ ሥራ መጀመራችን ጠቅሞናል፤ የቤት እርጥበት ራሱን በግልጽ የሚያሳየው በዚያ ወቅት ነውና። ጣሪያው የሚያፈሰው ቆርቆሮው ስላረጀ ሳይሆን ሚስማሮቹ ስለላሉ መሆኑ ስለታወቀ፣ ቆርቆሮውን ሳንቀይር ሚስማሮቹን ብቻ ጎማ ባላቸው ተክተናል።

የግድግዳው ጉዳይ ግን የበለጠ ማጣራት ጠይቋል። በሰሜኑ በኩል ያለው ግድግዳ ቀለሙ ተላልጦ ነበር፤ እርጥበቱ ከክፍሉ አየር የመጣ ይሁን ወይም ከመሬት የሚሳብ በዓይን ብቻ አይለይም። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ላስቲክ በአራቱም ጠርዝ ግድግዳው ላይ በፕላስተር አሽገን ሁለት ቀን አቆየነው። ጠል የሚታየው በክፍሉ በኩል ቢሆን ኖሮ መስኮት ከፍቶ ማናፈስ በቂ ይሆን ነበር፤ እኛ ያገኘነው ግን በላስቲኩና በግድግዳው መካከል ነው። ይህም ውኃው በግድግዳው ውስጥ እያለፈ እንደሚመጣ የሚያመለክት ሲሆን፣ ወደ ውጭ ወጥተን ስናይ የውጩ መሬት ከውስጡ ወለል ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ወላጆች በዚያ በኩል ያለውን አፈር ቆፍረው አንሥተው፣ ድንጋይ የተነጠፈበት የውኃ መውረጃ ቦይ ሠርተውልናል። ለዚህ ጉልበት የከፈልነው ገንዘብ የለም፤ በተቋራጭ ቢሠራ ኖሮ ከመደርደሪያው በጀት የሚቆረስ ነበር። ለጣሪያው፣ ለወለሉ ሲሚንቶ፣ ለመስኮቶቹ ወንፊትና ለቀለም የወጣው በጠቅላላው 78,500 ብር ነው።

ኅዳር፦ መደርደሪያው

የባሕር ዛፍ ጣውላ በአቅራቢያችን በርካሽ ይገኛል፤ ሆኖም በደንብ ሳይደርቅ ስለሚሸጥ ከተገጠመ በኋላ ይጣመማል። በዚህ ምክንያት ቋሚውን ከብረት፣ መደርደሪያውን ከ18 ሚሊ ሜትር ቺፕውድ ለማሠራት ተስማማን። የመጀመሪያዎቹ መደርደሪያዎች በሁለት ቋሚዎች መካከል 120 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይዘው ተበየዱ። ለሙከራ በመማሪያ መጻሕፍት ሞልተን ከዳር እስከ ዳር ክር ወጥረን ስናየው፣ ወዲያውኑ የታየው ጉብጠት ትንሽ ነበር፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ በዚያው ክር ስንለካው ግን መሐሉ 9 ሚሊ ሜትር ወርዶ ተገኘ። ቺፕውድ በቋሚ ጭነት ሥር ቀስ እያለ መጉበጡን ስለሚቀጥል፣ በገጠሙት ዕለት ቀጥ ብሎ መታየቱ ምንም ማስረጃ አይሆንም።

ባለሙያው ያቀረበው የመጀመሪያ ሐሳብ ወፍራም ጣውላ መግዛት ነበር። ከዚያ ይልቅ በየመደርደሪያው መሐል አንድ ተጨማሪ ቋሚ እንዲበየድ አደረግን። መጽሐፍ በመደርደሪያው ርዝመት ሁሉ ተሰራጭቶ የሚቀመጥ ጭነት ስለሆነ፣ ጉብጠቱ በድጋፎቹ መካከል ካለው ርቀት አራተኛ ርቢ ጋር አብሮ ይጨምራል፤ ርቀቱ በግማሽ ሲቀነስ ጉብጠቱ ወደ አሥራ ስድስተኛ እጅ ይወርዳል ማለት ነው። አንድ የብረት ቋሚ ከወፍራም ጣውላ በብዙ ይረክሳል። ከዚያ በኋላ በተለኩት መደርደሪያዎች ላይ በክሩና በጣውላው መካከል የሚታይ ክፍተት አልተገኘም። ሁሉም ከግድግዳው 5 ሴንቲ ሜትር ርቀው የቆሙ ሲሆን፣ የታችኛው ደርብ ከወለሉ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሏል፤ አየር እንዲዘዋወርና ምስጥ ከወለሉ የጭቃ መንገድ ሠርቶ ሲወጣ ሳይውል ሳያድር እንዲታየን ነው። መደርደሪያው 124,000 ብር፣ ጠረጴዛና አግዳሚው 61,000 ብር ፈጅቷል።

ታኅሣሥ፦ የመጡትን መጻሕፍት መለየት

ይህ ክፍል መጽሐፍ ለላካችሁልን በተለይ የተጻፈ ነው፤ የላካችሁት እያንዳንዱ ካርቶን ተከፍቶ፣ እያንዳንዱ ቅጂ በመምህራን እጅ አልፏል። ከ2,140 ቅጂዎች 1,120 ወደ መደርደሪያ ገብተዋል። 640 ለእኛ ተማሪዎች ስለማይመጥኑ፣ አብዛኞቹም የሁለተኛ ደረጃና የኮሌጅ መጻሕፍት ስለሆኑ፣ ለሚጠቅማቸው ተቋማት በደረሰኝ ተላልፈዋል። የቀሩት 380 አገልግሎት ላይ ሊውሉ አልቻሉም፤ ከእነርሱ የሚበዙት ሥርዓተ ትምህርቱ ከመቀየሩ በፊት የታተሙ የመማሪያ መጻሕፍት ሲሆኑ፣ ጥቂቶቹ ሻጋታ የነካቸው ናቸው። ሻጋታ ያለበትን መጽሐፍ ከደህናው ጋር መደርደር ደህናውንም ያስበላል፤ ስለዚህ በአዘኔታ ያስቀረነው የለም።

አሮጌውን የመማሪያ መጽሐፍ ማስወገድ አከራክሮን ነበር። አንዳንድ መምህራን ከባዶ መደርደሪያ ይሻላል የሚል አሳብ አቅርበዋል። ነገር ግን የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ለፈተና ሲዘጋጅ አሮጌውን ከአዲሱ ለይቶ ማወቅ አይችልም፤ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በሌለ ርዕስ ላይ ጊዜውን ይጨርሳል። ከቤተ መጻሕፍት የወሰደውን ነገር ደግሞ ትክክለኛ ነው ብሎ ያምናል። የሒሳብ መልመጃ ያላቸውን ብቻ መምህራን ለራሳቸው መጠቀሚያ እንዲወስዱ ተደርጎ ሌላው ወጥቷል።

ከውጭ አገር በሻንጣ የመጡት የእንግሊዝኛ የልጆች መጻሕፍት በጥራታቸው ከሁሉም የበለጡ ናቸው፤ ወረቀታቸውና ጥራዛቸው ለብዙ ዓመታት ያገለግላል። ሥዕላቸው ሰፊ፣ ጽሑፋቸው አጭር የሆኑት በሦስተኛና በአራተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መምህራን እጅ ገብተው በየሳምንቱ ለክፍል ይነበባሉ። ረጃጅሞቹ ልብ ወለዶች ግን እስከ አሁን አንባቢ አላገኙም። ወደ ፊት በሻንጣችሁ ቦታ የሚተርፋችሁ ከሆነ አጫጭሮቹን እንመርጣለን፤ ለትርፍ ኪሎ የምትከፍሉት ገንዘብ ግን እዚህ ቢላክ ብዙ የአማርኛ መጻሕፍት ይገዛል።

ጥር፦ ግዢው

ከተለየው መጽሐፍ ውስጥ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ያለ ልጅ ብቻውን ሊያነበው የሚችል የአማርኛ መጽሐፍ ከሁሉም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ሰው ለትምህርት ቤት የሚለግሰው ራሱ ያነበበውን ስለሆነ ይህ የሚያስገርም አይደለም። ስለዚህ ለመጽሐፍ ግዢ የተመደበውን 118,400 ብር በሙሉ በዚህ ክፍተት ላይ አዋልነው፤ ከአዲስ አበባ በጅምላ 740 ቅጂ ተገዝቷል፤ አማካይ ዋጋው 160 ብር ነው።

ከመግዛታችን በፊት ናሙናዎቹን ለልጆቹ ሰጥተን አስነብበናል። በብዙ አገር መምህራን የአምስት ጣት ዘዴ የሚባል ይጠቀማሉ፤ ልጁ አንድ ገጽ ሲያነብ ያቃተውን ቃል በጣቱ ይቆጥራል፤ አምስት ከሞላ መጽሐፉ ለጊዜው ከብዶታል ማለት ነው። በአማርኛ ይህን መለኪያ እንዳለ መውሰድ አላመቸንም። «አልነገረችኝም» የሚለው አንድ ቃል አድራጊዋን፣ የተደረገበትንና አሉታውን አንድ ላይ የያዘ በመሆኑ፣ ልጁ እንዲህ ያለ ቃል ሲያመልጠው የሚያመልጠው የዐረፍተ ነገሩ ግማሽ ነው። በሙከራው ወቅት ከአንድ ገጽ አራት ቃል ያቃተው ልጅ ታሪኩን መልሶ መንገር ሲያቅተው፣ ሁለት ወይም ሦስት ያቃተው ግን ይነግር ነበር። ስለዚህ ወሰናችንን ሦስት አድርገናል።

በሙከራው ሁለት ነገሮች ደጋግመው ታይተዋል። አንደኛው፣ ፊደሉ ትንሽ የሆነ መጽሐፍ ቃሉ ቀላል ቢሆንም ጀማሪዎችን ያሰናክላል፤ የ«ሰ» እና የ«ስ»፣ የ«ለ» እና የ«ሉ» ልዩነት በጥቃቅን ቅጥያዎች ስለሚታወቅ፣ ኅትመቱ ሲያንስና ቀለሙ ሲደበዝዝ ልጁ የሚያየው አንድ ዓይነት ቅርጽ ነው። ሁለተኛው፣ ታሪኩ በከተማ ሕይወት ላይ ብቻ ሲሆን የገጠር ልጅ ከቃሉ ጋር ነገሩንም መገመት ይኖርበታል። የሚያውቀውን እንስሳ፣ አዝመራና ገበያ የያዙትን ስላስበለጥን የተረት መጻሕፍት በግዢው ውስጥ ብዙ ቦታ ይዘዋል። ከየአርእስቱ አንድ ቅጂ ከመግዛት ይልቅ ተወዳጅ የሆኑትን በስምንትና በአሥር ቅጂ ገዝተናል፤ ጓደኛሞች አንድ መጽሐፍ በአንድ ሳምንት ሲያነቡ ስለሚነጋገሩበት ነው።

የካቲት መጀመሪያ፦ መለያና አደራደር

ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መጻሕፍትን በርዕሰ ጉዳይ እየለየ ቁጥር የሚሰጠውን የዲዊን የአሥርዮሽ አመዳደብ ከነዝርዝሩ መጠቀም ከባድ ነው፤ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ብቻውን 892.87 የሚል ቁጥር ስለሚይዝ ግማሹ መደርደሪያ አንድ ዓይነት ቁጥር ይለብስ ነበር። ለዕውቀት መጻሕፍት አሥሩን ዋና ዋና ክፍሎች ብቻ ወስደን፣ ለታሪክና ለተረት መጻሕፍት በንባብ ደረጃቸው የቀለም ምልክት ለጥፈን በውስጡ በደራሲው ስም ደርድረናል። የኢትዮጵያ ደራስያን የሚደረደሩት በራሳቸው ስም እንጂ በአባታቸው ስም አይደለም፤ ከውጭ የተቀዱ የመዝገብ ቅጾች ግን የመጨረሻውን ስም አስቀድመው ይጠይቃሉ። ይህ በመጀመሪያው መዝገብ ላይ አንዱን ደራሲ በሁለት ቦታ እንዲገኝ አድርጎ ነበርና ቅጹ ተለውጧል።

ከዚህ የበለጠ ጊዜ የወሰደው የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁን የሚፈልግ ተማሪ በ«ሀ» ሄዶ ካጣ መጽሐፉ የለም ብሎ ይመለሳል፤ የጸጋዬ ገብረ መድኅን ስምም በአንዱ መጽሐፍ ላይ በ«ጸ» በሌላው ላይ በ«ፀ» ተጽፎ ይገኛል። መዝገቡን በኤክሴል በቅደም ተከተል ስናስተካክለው ችግሩ ጎላ፤ ኮምፒዩተሩ ፊደላቱን የሚያሰልፈው በገበታው ተራ ስለሆነ «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» ተራርቀው ይወጣሉ። መፍትሔው በመዝገቡ ላይ ሁለት ዓምድ መያዝ ነው። በአንዱ የደራሲው ስም በሽፋኑ ላይ እንደታተመው ሳይነካ ይጻፋል፤ በሁለተኛው ለመደርደሪያ ብቻ የሚያገለግለው ስም «ሐ» እና «ኀ» ወደ «ሀ»፣ «ሠ» ወደ «ሰ»፣ «ዐ» ወደ «አ»፣ «ፀ» ወደ «ጸ» ተጠቃለው ይሰፍራል። በመጽሐፉ ጀርባ የሚለጠፈውም ከሁለተኛው ዓምድ የሚወሰዱት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት ናቸው። በመደርደሪያዎቹ ራስ ላይ የተጠቃለለው የፊደል ተራ በትልቁ ተጽፎ ስለተሰቀለ፣ ልጆቹ ሀሁ ሲቆጥሩ በለመዱት ቅደም ተከተል ያገኙታል።

ስለ ጥገና በአጭሩ፦ ጥራዙ የላላውን መጽሐፍ በስኮች መለጠፍ ትተናል፤ ስኮቹ በጊዜ ብዛት ሲደርቅ ሙጫው ወረቀቱን ያበላሻል። በመርፌና ክር ሰፍቶ በነጭ የእንጨት ኮላ ማጣበቅ ይበረታል። ለመጠገኛ፣ ለመለያና ለመዝገብ 14,600 ብር፣ ለመጓጓዣ 11,500 ብር ወጥቷል።

መጋቢት፦ ውሰት

ትምህርት ቤታችን በሁለት ፈረቃ ስለሚያስተምር ቤተ መጻሕፍቱ የሚከፈተው የጠዋቱ ፈረቃ ወጥቶ የከሰዓቱ በሚገባበት ሰዓት ነው። በዚያ ጠባብ ሰዓት ብቻ ማስነበብ ርቀው ከሚመጡት ልጆች አብዛኞቹን ስለሚያስቀር፣ ከየካቲት አጋማሽ ጀምሮ መጽሐፍ ወደ ቤት ማዋስ ተጀመረ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን የተዋሱት ጥቂት ነበሩ። ምክንያቱን ያወቅነው በወላጆች ስብሰባ ላይ አንዲት እናት ተነሥተው «መምህር፣ መጽሐፉን ከብት ቢበላብን ወይም ዝናብ ቢያበላሽብን ከየት አምጥተን እንከፍላለን? እዚያው አንብቦ ቢመጣ ይሻለናል» ባሉ ጊዜ ነው። ሌሎቹም ወላጆች ይህንኑ ሥጋት እንደሚጋሩ ተናግረዋል።

የቤተ መጻሕፍቱ ኮሚቴ እዚያው ስብሰባ ላይ የመጀመሪያው ጥፋት እንደማይከፈልበት አስታወቀ፤ ልጁ ግን መጥቶ እንዲናገርና የተበላሸውን አብሮ እንዲጠግን ተወሰነ። በዚያው ሳምንት አንድ ለጋሽ በላኩት አቡጀዲ ላይ የውስጥ ላስቲክ እየተሰፋ የመጽሐፍ ቦርሳ ተዘጋጀ። ልጆቹ ከብት ሲጠብቁ ይዘውት የሚውሉት በዚህ ቦርሳ ነው። እስከ ግንቦት መጨረሻ ከተበላሹት 41 ቅጂዎች ውስጥ 29ኙ የተበላሹት ቦርሳው ከመታደሉ በፊት ሲሆን፣ የጠፉት በጠቅላላው 27 ናቸው። ከተዋሱት ብዛት አንጻር ይህ ቤተ መጻሕፍቱን ለመቆለፍ የሚያበቃ ጉዳት ነው ብለን አናምንም።

ሰኔ፦ የተገኘው ውጤት

ከየካቲት አጋማሽ እስከ ግንቦት መጨረሻ በመዝገቡ 2,310 ውሰቶች ተመዝግበዋል። ከ860 ተማሪዎቻችን 512ቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ተውሰዋል። ከውሰቶቹ 1,480ዎቹ በገንዘባችሁ ከተገዙት 740 ቅጂዎች የተገኙ ሲሆኑ፣ 830ዎቹ በልገሳ ከመጡት 1,120 ቅጂዎች ናቸው። አንድ የተገዛ መጽሐፍ በአማካይ ሁለት ጊዜ ሲወጣ የተለገሰው ግን አንድ ጊዜ እንኳ አይሞላም። ይህን የምንጽፈው መጽሐፍ የላካችሁትን ለማሳነስ አይደለም፤ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች በክፍሉ ውስጥ ተቀምጠው የሚያነቧቸው የሳይንስና የታሪክ መጻሕፍት ከእናንተ የመጡ ናቸው፤ የዚያ ንባብ ደግሞ በውሰት መዝገብ ላይ አይታይም። ልዩነቱ የሚነግረን ቀጣዩ መዋጮ በምን መልክ ቢመጣ እንደሚሻል ነው።

የውሰት ቁጥር የንባብ ችሎታ መለኪያ አለመሆኑን ግን መናገር ይገባናል። ሥራው ሲጀመር የልጆቹ የንባብ ፍጥነት ስላልተለካ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ንባባቸውን አሻሽሏል የሚል ቃል በዚህ ማስታወሻ ውስጥ አላስገባንም። በመስከረም መጽሐፍ ማዋስ ከመጀመራችን በፊት የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች እያንዳንዳቸው ለአንድ ደቂቃ ጮኽ ብለው ያነባሉ፤ በትክክል የተነበቡት ቃላት ተቆጥረው ይመዘገባሉ፤ በግንቦት በተመሳሳይ ክብደት ባለው ሌላ ምንባብ ይደገማል። ያ ብቻውን መጽሐፍ የተዋሰውንና ያልተዋሰውን ለይቶ ባያሳይም፣ የውሰት መዝገቡ ከየልጁ ስም ጋር ስለተያያዘ ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ይቻላል።

ከተሰበሰበው 420,000 ብር የወጣው 408,000 ብር ሲሆን፣ ቀሪው 12,000 ብር በትምህርት ቤቱ የባንክ ሒሳብ ይገኛል። ደረሰኞቹ በሙሉ በርዕሰ መምህሩ ቢሮ በአንድ ፋይል ተቀምጠዋል፤ ማንኛውም ለጋሽ ወይም ወኪሉ መጥቶ ማየት ይችላል። ቀሪው ገንዘብ የተያዘው ለሁለት ነገር ነው፤ በክረምቱ የሰሜኑ ግድግዳ በላስቲክ ዳግመኛ ተፈትኖ ቦዩ በቂ ሆኖ ካልተገኘ ለማስፋት፣ በቂ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ የጠፉትንና ከጥገና ያለፉትን የልጆች መጻሕፍት ለመተካት። የፍተሻው ውጤትና የመስከረሙ የንባብ ልኬት በጥቅምት በምንልክላችሁ ማስታወሻ ይደርሳችኋል።